የንባብ ቤቱ ንግግር መክፈቻ

ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቆሜ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሰፈሩ ሰው ጥፋቱን ለቀበሌው ሊቀመንበር ሲሰጥ ለብዙ ዓመት ሰምቼ ዝም ስላልኩ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንደበቷ ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቀበሌያችን የሕዝብ ንባብ ቤት ለመክፈት ሲነሣ መጻሕፍቱን ከየቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ ለምነን ሦስት ሳጥን ሞላን። የጎደለን ቤት፣ መደርደሪያና አግዳሚ ነበር። ይህ ደግሞ ከነጋዴ ካልሆነ ከሌላ አይገኝም። ስለዚህ ሊቀመንበሩ የአካባቢውን ነጋዴዎች ለእሑድ ከሰዓት አዳራሽ ጠራና እኔን ተናጋሪ አደረገኝ።

የመጀመሪያው ረቂቄ እንደ ጊዜው ወግ በመፈክር ይጀምር ነበር። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሽማግሌ፣ ሁለት መስመር አንብበው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ለእናት አገር ጥሪ አዋጥተዋል፤ ለድርቅ አዋጥተዋል፤ ለአዳራሹ ቆርቆሮም አዋጥተዋል። መፈክር ሲሰሙ ዓይናቸው ወደ በሩ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ በምን ልጀምር?»

«በሰው። የሚያውቁትን ዓይነት አንድ ሰው አምጪላቸው። ከዚያ ሳትዞሪ የምትፈልጊውን ንገሪያቸው። አምስት መስመር ይበቃሻል።»

ምክሩ ትክክል ነበር። «የሚያውቁትን ዓይነት ሰው» ነው ያሉኝ፤ የሚያውቁትን ሰው አላሉኝም።

እኔ ደግሞ አንድ ሰው ነበረኝ። የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ዘወትር እሑድ ጠዋት፣ ወፍጮው በማይሠራበት ሰዓት፣ ከጆንያው ጀርባ ፊደል ይማሩልኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። በኮታቸው ኪስ ጋዜጣ አጥፈው ይዞራሉ፤ ቀበሌ የተመዘገቡትም ማንበብና መጻፍ ይችላሉ ተብለው ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ያን ምዝገባ መሻር አፈሩ። «ከቀን ሠራተኛዬ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀሁ ልበል?» ብለው ሳቁና እንድረዳቸው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ ማልኩላቸው። ሥራ ሲቀናቸው «የኔታ» እያሉ ያሾፉብኛል። አንዱ ልጃቸው ወደ ሶቪየት ለትምህርት ከሄደ ጀምሮ ደብዳቤ ይልካል። አንድ እሑድ ፖስታውን እያገላበጡ፣ «የሚያነብልኝ ሰው መቼ ጠፋ፤ አንብቦ የሚረሳልኝ ነው የጠፋው» አሉኝ።

ያቺን ቃል ሰረቅኋት። ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦

«የተከበራችሁ ነጋዴዎች። ከመካከላችን አንድ አባት አሉ። ልጃቸውን አስተምረው ባሕር ማዶ ልከዋል። ደብዳቤው ሲመጣ ሦስት ቀን በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ የሚያነብላቸው ጠፍቶ አይደለም፣ አንብቦ የሚረሳላቸው ጠፍቶ ነው። እኒህ አባት ሳያፍሩ የሚገቡበት አንድ ክፍል ልንለምናችሁ ነው የጠራናችሁ።»

ስም የለውም፤ ወፍጮ የሚልም የለውም። ራሴን ያታለልኩት በዚህ ነው። በቀበሌያችን ልጁ ባሕር ማዶ የሚማር ነጋዴ አንድ ብቻ እንደነበረ ዘንግቼው አይደለም፤ ባስበው መክፈቻው ስለሚበላሽብኝ አላሰብኩትም።

እሑድ ጠዋት እንደ ልማዴ ሄጄ አስተማርኳቸው። ስለ ንግግሩ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከሰዓት አዳራሹ ስገባ ባለ ጋራዡ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ባለ ግሮሰሪዋ ሁሉም ተቀምጠዋል። እሳቸው ከፊት ነበሩ። ለእኔ ብለው ቀድመው መጥተው ነው፤ ሳያቸው በአገጫቸው «በርቺ» አሉኝ። በእጄ ሁለተኛ ወረቀት ነበር፣ ንባብ ቤቱ ለተማሪዎች ስለሚሰጠው ጥቅም የሚናገር። ከእሱ ልጀምር እችል ነበር። ሊቀመንበሩ መፈክሩን አሰምቶ እስኪጨርስ ድረስ ለመወሰን ጊዜ ነበረኝ። ስለ እሳቸው የጻፍኩትን አነበብኩ።

ባሕር ማዶ የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ሁለት ሰው ዞሮ አያቸው። ሦስት ቀን በኪሳቸው ስል አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ጸጥታውን የንግግሬ ውጤት አደረግሁትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አሳምሬ ጨረስኩት። ያኔ ቀና ብዬ አየኋቸው። ኮታቸው ኪስ ላይ፣ ጋዜጣው ላይ፣ መዳፋቸውን ጭነው ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ ከኋላ፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ጋዜጣውን ምን ያደርጉበት ነበር?» አለና ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ።

ባለ ወፍጮው ተነሡ። የሚወጡ መስሎኝ ነበር። «ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው መጋዘን ለንባብ ቤቱ ይሁን፤ ጆንያውን ነገ አስወጣለሁ» ብለው ተቀመጡ። እንዲህ ባለ ስብሰባ የመጀመሪያው ሰው ከፍ ካደረገ የቀረው ማፈግፈግ ያፍራል፤ ባለ ጋራዡ መደርደሪያ አለ፣ ሌላው አግዳሚ፣ ባለ ግሮሰሪዋ የመብራቱን ወጪ ያዘች። ተጨበጨበ። ለእኔም ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ የቃል መግቢያው ወረቀት ለፊርማ ዞረ። እሳቸው ጋ ሲደርስ ብዕሩን ዘረጋሁላቸው። በዚያን ሰሞን ስማቸውን ከነአባታቸው አስተካክለው ይጽፉ ነበር፤ ያን ጠዋት ራሱ አራት ጊዜ ጽፈውልኛል። ብዕሩን አልተቀበሉኝም። የቀበሌውን ጸሐፊ የማኅተም ቀለም አስመጡና አውራ ጣታቸውን ነክረው፣ ሁሉም እያያቸው፣ ቀስ ብለው ወረቀቱ ላይ ጫኑት። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አላፈርኩም።

በሚቀጥለው እሑድ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ጆንያ እየቆጠሩ ነበር።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«ቤቱን አገኛችሁ አይደል?»

«አግኝተናል። ትምህርቱን ግን እንቀጥል።»

«ሰው ሳያውቅብኝ ልማር ብዬ ነበር። አሁን ሁሉም ካወቀ ለማን ብዬ ዓይኔን አደክማለሁ?» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ንባብ ቤቱ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ እኔ ሆንኩ፤ ልጆች አግዳሚው እስኪጠባቸው ይሞሉታል። እሳቸው በግድግዳ ማዶ ሆነው በሩን አንድ ቀን እንኳ አልረገጡትም። ስንገናኝ ሰላምታ አልነፈጉኝም። «የኔታ» ግን ቀረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ኮት የለበሰ ወጣት ንባብ ቤቱ ገባና እጅ ነሣኝ። ከሶቪየት የተመለሰው ልጃቸው ነው።

«አባባ ሁሌም ያነሣዎታል» አለኝ። «ስሜን እንድጽፍ ያደረገችኝ እሷ ናት፤ ሄደህ አመስግንልኝ ብሎ ነው የላከኝ።»

አባቱ ስለ አዳራሹ አልነገሩትም። ጎረቤትም ገና አልነገረውም።

«ግን ለምን አቋረጠ? ስጠይቀው መልስ አይሰጠኝም» አለ።

ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ይጮኻል። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ሥራ በዝቶባቸው ነው» አልኩት።