ከአሸዋው ማዶ የሚቆመው መምህር

ያረጋል ሞጣ ተወልዶ ቡታጅራ የተመደበ የስፖርት መምህር ነበር። ያኔ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ በዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ከመምህራኑ ሁሉ ደብዳቤ የማይመጣለት እሱ ብቻ ነው። እናትና አባቱ ሞተዋል፣ ሚስት አላገባም፣ ምሳውን ከገበያው ዳር ካለች ምግብ ቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። እሑድ እሑድ ሰው ዘመድ ሲጠይቅ እሱ ትምህርት ቤት ይመጣና የርዝመት ዝላይ ጉድጓዱን አሸዋ በሬክ እየቧጠጠ ሲያስተካክል ይውላል። «አንተ ሰውዬ፣ አሸዋውን አግብተኸዋል እንዴ?» እለው ነበር። ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ጉድጓዱን ያስቆፈረው ራሱ ነው። አሸዋውን ከወንዝ በአህያ አስመጣ። የባሕር ዛፍ ጣውላ አስጠርቦ ከመሬቱ እኩል ቀበረና «መርገጫው ይህ ነው፤ ከዚህ አንዲት ጣት ያለፈ አልዘለለም» አለ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ እንደፈለጋቸው እየሮጡ፣ አንዱ ጣውላውን አልፎ፣ ሌላው ጣውላው ጋ ሳይደርስ ይዘል ነበር።

ያረጋል ታዲያ ነገሩን ገለበጠው። ልጁን ጣውላው ላይ አቁሞ ለጉድጓዱ ጀርባውን ሰጥቶ እንዲሮጥ ያደርገዋል። የሚነሳበት እግር መጨረሻ ላይ ያረፈበት ቦታ ድንጋይ ይቀመጣል፤ መነሻው እሱ ነው። ከዚያ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ እግር፣ ሁልጊዜ ቆሞ መጀመር። ጣውላውን በስንዝር ካለፈ መነሻው በስንዝር ወደ ኋላ ይሳባል፤ ካጠረ በዚያው ልክ ወደ ፊት ይገፋል። በመንገዱ አጋማሽ ደግሞ ሌላ ድንጋይ አለ፤ እሱ ለልጁ ሳይሆን ለእኛ ነው። እግሩ እዚያ ጋ በትክክል ካረፈ አነሳሱ ደህና ነው ማለት ነው። እኔ ሥራ ፈት ስለነበርኩ ጣውላው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግር የማየት ሹመት ተሰጠኝ።

እሱ ራሱ ከአሸዋው ማዶ ይቆማል። ጀማሪ ሁሉ ሲቃረብ ዓይኑን ወደ ጣውላው ይተክላል፤ ዓይኑ ከወረደ እርምጃው ይንቀጠቀጣል፣ ደረቱም ይጎብጣል። ስለዚህ ያረጋል ነጭ ባርኔጣውን ከራሱ በላይ ያነሳና «እኔን እይ! ጣውላውን እግርህ ያገኘዋል! በሙሉ ውስጥ እግርህ ምታ፣ ጉልበትህን አንሳ!» እያለ ይጮኻል። ሲወርዱ ደግሞ «ሁለቱን እግር ወደ ፊት፣ እጅህን ወደ ፊት ወርውር! ወደ ኋላ ከወደቅህ የሚለካው ቂጥህ ነው!» ይላል። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። ያችን ሰዓት ያረጋል ደስ ይለው ነበር። በቀን ውስጥ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ያን ጊዜ ብቻ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ከሁሉ የበለጠው ሸረፋ የሚባል የነጋዴ ልጅ ነው። ሌሎቹ ሲሄዱ ይቀራል፤ ዓይኑን ከያረጋል ላይ ሳይነቅል ይሮጣል፣ እንደ ፌንጣ ይነሳል። ያረጋል ስለ እሱ ሲያወራ አንደበቱ ይፈታል። የልጁ አባት አቶ ሙስተፋ ግን አንድ ቀን መጣና ሰላምታውን እንደጨረሰ ቁርጡን ነገረን።

«መምህር፣ ልጄ አሸዋ ላይ እየወደቀ ነው የሚውለው። አዲስ አበባ አጎቱ ሱቅ አለው፣ ሰው ይፈልጋል። ቡኢ ከተማ ላይ የዝላይ ውድድር አለ አሉኝ። ካሸነፈ እሺ፣ እዚሁ ይማር፣ ይዝለልም። ካላሸነፈ ወላሂ ሰኞውን መኪና ላይ አሳፍረዋለሁ።»

ያረጋል «እሺ» አለ። አባትየው ሲሄድ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ልጁ ከሄደ ማን ይቀርለታል?

ቡኢ በጭነት መኪና ላይ አቧራ ለብሰን ደረስን። ሜዳው ደህና ነው፤ ያረጋል ጠዋት ገብቶ የሸረፋን መነሻ ራሱ ለካ፣ ልጁን አስሮጠው፣ ድንጋዮቹን አስቀመጠ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ግን ዳኛው መምህራንን ሁሉ ከገመዱ ውጭ፣ ከመንደርደሪያው ጎን አስወጣን። ከአሸዋው ማዶ መቆም የለም ተባለ።

ለእያንዳንዱ ሦስት ዝላይ ነው። የቡኢው ልጅ ዱባለ መጀመሪያውኑ ጥሩ ዘለለ። ሸረፋ ተነሳ፤ ሲቃረብ አንገቱን ወዲህ ወዲያ አዞረ፣ ከዚያ አቀረቀረ፣ ጣውላውን አለፈ። ቀይ ባንዲራ። ሁለተኛውን ደግሞ መጨረሻ ላይ እርምጃውን ከታተፈው፤ ጣውላው ጋ ሳይደርስ ከሩቅ ተነሳ፣ በመቀመጫው ወደቀ። ከዱባለ በጣም አነሰ።

«መነሻውን ቀይርለት!» ብዬ ጮኽኩበት። «አንዴ አለፈ፣ አንዴ አጠረ!»

ያረጋል አልተንቀሳቀሰም። «ነገርን ከሥሩ ነው። አጋማሹን ድንጋይ ሁለቴም በትክክል ነው የረገጠው። አነሳሱ አልተበላሸም። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው» አለ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔን ነው የሚፈልገው።» አለ ያረጋል። «ራሴን ምልክት አድርጌ አስተማርኩት። ሌላ ነገር ላሳየው እችል ነበር። እንዲያየኝ ፈልጌ ነው።»

  ይህን ብሎ ከገመዱ ጫፍ ድረስ ሄደና ልጁን ጠራው።

«ሸረፋ! እኔን አትይ! ከአሸዋው ማዶ ያ ትልቅ ዝግባ አለ፣ ጫፉን እይ። እኔ እዚያ የለሁም። አታስበኝ፣ ገባህ?»

ልጁ ግራ ተጋብቶ አየው። «ጋሼ፣ እርስዎስ የት ይሆናሉ?»

«የትም አልኖርም። ዝግባውን ብቻ።»

ሸረፋ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፣ ቆመ፣ ተነሳ። ቀና እንዳለ መጣ፤ በእኛ በኩል ሲያልፍ ዓይኑ ዛፉ ላይ ነው። ጣውላውን ጧ አድርጎ መታው፣ ጉልበቱ ወጣ፣ ሁለቱን እግሮቹን ዘርግቶ አሸዋው ውስጥ ገባና ወደ ፊት ወደቀ። ነጭ ባንዲራ። ሲለካ ዱባለን በጫማ ርዝመት አልፎታል። ልጆቹ ገመዱን ጥሰው ገቡና ሸረፋን ትከሻቸው ላይ አወጡት። እኔም አብሬ ስጮኽ ያረጋልን ረሳሁት። ዞር ስል እዚያው ከገመዱ ውጭ ብቻውን ያጨበጭብ ነበር።

አቶ ሙስተፋ ቃሉን አከበረ፤ ልጁ ቀረ። ሰኞ ከሰዓት ልምምድ ስንሄድ ሸረፋ ቀድሞን ደርሶ ከአሸዋው ማዶ ረጅም አጣና ተክሏል፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ አስሮበታል።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ፀሐይ ላይ አይቆሙም። እኔ ይህ ይበቃኛል» አለው። ለመምህሩ ክብር ብሎ ነው፤ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል?

«ጎበዝ» አለ ያረጋል። መጥቶ እኔ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሸረፋ እየሮጠ በፊታችን አለፈ፣ ጣውላውን መታ፣ ዘለለ። አሳምሮ ዘለለ። ያረጋል አሸዋው ላይ የቀረውን ዱካ ትንሽ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ከዚህ ሲያዩት ፊቱ አይታይም እንዴ?»

«አይታይም» አልኩት። «እኔ እግሩን ነው የማየው።»