ሸማችሁን ከበር አስቀሩት

ጣሊያን ቡሬ ላይ የጣውላ መሰንጠቂያ የከፈተ ጊዜ ከየደብሩ ለሥራው የሚሠለጥን ሰው እንዲላክ ትእዛዝ ወረደ። ሰው ያልላከ ደብር ወንዶቹን ወደ አርበኞች ጫካ ልኳል ተብሎ ይጠረጠራል። ጭቃ ሹማችን ያንን ፈርቶ ሁለት ሰው መረጠ፤ እኔን ከእርሻዬ፣ የሚስቴን ወንድም ከቤተ ክርስቲያን። የእኔስ ይሁን፤ ሞፈርና ቀንበር ስጠርብ የኖርኩ ነኝ። እሱ ግን ዲያቆን ነበር። የቅዳሴ ትምህርቱን ጨርሶ፣ በቁርባን አግብቶ፣ ቅስና የሚቀበልበትን ቀን ብቻ ይጠብቅ ነበር። ከልጅነቱ ያስተማሩት የኔታ አርጅተው ስለነበር እሳቸው ሲደክሙ ታቦቱን የሚያገለግለው እሱ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ቅስና ደግሞ ሙሉ አካል ይፈልጋል። እኔም የሚስቴ እናትም ጭቃ ሹሙን እየረገምን ሸኘነው ልበል እንጂ አብሬው የሄድኩት እኔው ነኝ።

በመጀመሪያው ቀን አዲስ ገቢዎቹን በሙሉ መጋዙ ፊት አሰለፉን። የሥራው አለቃ ወፍራም፣ ሽበታም ጣሊያን ነው። ከጎኑ ከአስመራ የመጣ አስተርጓሚ ቆሟል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነበር የቆምኩት፤ የዚያን ሰው ወገኖች የጎረቤቶቼን ጎጆ ሲያቃጥሉ አይቻለሁ። ስለ ንጉሣቸው ሊሰብከን ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ መለሰልን፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ ሥራ ትማራላችሁ። ከሥራው በፊት ግን በሙሉ አካል ገብቶ በሙሉ አካል መውጣትን ተማሩ። መጋዙ ሲዞር ሰጋቱራውን በእጃችሁ አትጥረጉ። የጣውላውን ጫፍ በጣታችሁ አትግፉ፤ መግፊያ እንጨት አለ። መጋዙ ቆመ ማለት ቺንጋው ቆመ ማለት አይደለም፤ ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ አትጠጉት። ሸማችሁን ከበር አስቀሩት። እኔ ስመጣም፣ ከእኔ የሚበልጥ ሲመጣም አትልበሱ፤ አልቀየማችሁም። ማሽን ሰው አያከብርም።»

ከዚያ ወስዶ አሳየን። ሞተሩ ከግድግዳው ጀርባ ነው። እሱ ጣሪያው ሥር ያለውን ረጅም ብረት ያዞራል፤ ከብረቱ ላይ ቺንጋ የሚሉት ሰፊ የቆዳ ጠፍር ወርዶ የመጋዙን መንኮራኩር ያዞራል። መጋዙን ማቆም ሲያስፈልግ የእንጨት እጀታ ይገፋል፤ ያኔ ቺንጋው ከሥራው መንኮራኩር ወደ ጎኑ ባዶ መንኮራኩር ይሻገራል። መጋዙ ይቆማል፣ ቺንጋው ግን በባዶው ላይ መሽከርከሩን አይተውም። አለቃው ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገመው። እውነት ከጠላት አፍ ሲወጣ መስማት ያንገፈግፋል። ትክክል እንደነበር ግን ያን ቀንም አውቄያለሁ።

የሸማውን ነገር ግን ብዙዎቻችን አልወደድነውም። በእጀ ጠባብ ብቻ ሰው ፊት መቆም ለእኛ ራቁትነት ነው። አንድ ሽማግሌ ቢጤ «ፈረንጅ ወጉን ሊያስጥለን ነው» ብሎ አጉረመረመ። አማቼ ዲያቆኑ ነው ዝም ያሰኘው፤ «ተዉ አባባ፣ ሰውዬው ስለ ገላችን ነው የሚናገር» አለ። ሸማውን በር አጠገብ ካለው ምስማር የሚሰቅለው መጀመሪያ እሱ ነበር። ሰጋቱራውን በዱላ፣ የጣውላውን ጫፍ በመግፊያ። እኔ ስቸኩል በጣቴ ልገፋ ስል «ጠላ የምትይዝበት ጣት አይቀርህም!» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ከሁላችንም የሚጠነቀቀው እሱ ነበር፤ እጁ የታቦት መሆኑን ያውቃላ።

አንድ ረፋድ ላይ የዋንዛ ግንድ እየሰነጠቅን ሳለ በበሩ በኩል ነጭ ጥምጥም አየሁ። የኔታ ናቸው። ከደብራችን በእግራቸው መጥተዋል። ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼ አላውቅም። አማቼ እንዳያቸው ደነገጠ። እንደተማረው እጀታውን ገፍቶ መጋዙን አቆመ። ከዚያ ሮጦ ሸማውን ከምስማሩ አወረደ። ያሳደገውን መምህር በእጀ ጠባብ መቀበል እንዴት ይሁንለት?

ሸማውን እየሮጠ አደገደገ። ተረጋግቶ ቢሆን ጫፉን ጥብቅ አድርጎ ይቋጥረው ነበር፤ አሁን ግን ከኋላው ተንጠልጥሎ ቀረ። የኔታ ደግሞ ጫጫታው አላሰማ ቢላቸው ወደ ውስጥ ዘልቀው መጋዙ አጠገብ ደርሰዋል። መጋዙ ቆሟልና ምን ያስፈራል? አማቼ ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ አለ። የኔታ ጎንበስ ብለው ጆሮው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጳጳሱ ጠርተውሃል ልጄ፤ ቀንህ ደረሰ» ሲሉት ሰማሁ። በደስታ ወደ ኋላው አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ቺንጋው የሸማውን ጫፍ ያዘው።

ሸማው ሲስበው በቀኝ እጁ ሊያስጥል ያዘ። እጁ ከሸማው ጋር በቺንጋውና በመንኮራኩሩ መካከል ገባ። እኔ «ሞተር አጥፉ!» እያልኩ ወደ ግድግዳው ጀርባ ሮጥኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ስመለስ ሸማው ቀልቷል። የኔታ መሬት ተቀምጠው ጭንቅላቱን ታቅፈውታል።

የጣሊያን ሐኪም ነፍሱን አተረፈለት። ጣቶቹን ግን ቆረጣቸው፤ አውራ ጣቱና ትንሿ ብቻ ቀሩ። አለቃው ኮፍያውን አውልቆ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አንድም አልተቆጣም። «ነግሬአችሁ ነበር» ብሎ ቢጮህ እወድ ነበር፤ እሱን መጥላት ይቀለኝ ነበር።

አማቼ የሚያለቅሰው ለእጁ አልነበረም። «የኔታን ማን ይተካቸዋል?» እያለ ነበር የሚያለቅስ። እሳቸው ደግሞ «በገዛ እግሬ ሄጄ ገደልኩት» ይላሉ። እኔና እህቱ መካከል ገብተን ማንን እንደምናጽናና ጠፋብን። ቅስናው ቀረ። እሑድ እሑድ ከቅኔ ማኅሌቱ ይቆማል፤ መቋሚያውን በግራው ይይዛል፤ ቀኙን ሸማው ሥር ይደብቃል።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ አዲስ ሠልጣኞች መጡ። አለቃው እንደ ልማዱ ንግግሩን ጀመረ። «ሸማችሁን ከበር አስቀሩት» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። በሩ ላይ የኔታ ቆመዋል፤ አማቼ እጃቸውን ይዞ መርቷቸዋል። ማንም አልጠራቸውም። መቋሚያቸውን ለእሱ ሰጡትና የራሳቸውን ሸማ አውልቀው ከምስማሩ ላይ ሰቀሉት። ከእኛ አገር ሰው የኔታን ያለ ሸማ ያየ የለም። ቀጭን ክንዳቸው፣ የጎበጠ ትከሻቸው ታየ። ሠልጣኞቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ቀና በሉ ልጆቼ» አሉ የኔታ። «እዩኝ። እዚህ ቤት ለእኔም ቢሆን አይደገደግም። አባታችሁም ቢመጣ፣ እናታችሁም ሞታ መርዶ ነጋሪ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ውጡ፤ ደጅ ነው ሰላም የምትሉት። ይህን የምላችሁ እኔ ነኝ፤ ፈረንጁ አይደለም።»

አማቼ ግን አልቻለም። መምህሩ በሰው ፊት ራቁታቸውን ሲቆሙ ማየት አልቻለም። የገዛ ሸማውን ገፎ በደህናዋ እጁ ሊያለብሳቸው መጣ። የኔታ ክንዱን ያዙት።

«እዚህ አይደለም ልጄ» አሉት።

ይዘውት ወጡ። ከበሩ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ፣ እሳቸው ዝም ብለው ቆሙለት። እሱ በግራ እጁና በሁለት ጣቶቹ፣ ቋጠሮው እየሾለከበት፣ ሸማውን ትከሻቸው ላይ አለበሳቸው።