የአንድ ወር ቁርስ

መልእክቱ የደረሰኝ በክረምት ነው። በስልክ ቪዲዮ እየሠራሁ በገጼ ላይ መልቀቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። አሰላ ውስጥ መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ቢበዛም እስከዚያ ቀን ድረስ ከእናቴ እጅ አልወጣሁም።

«ሰላም ነሽ ወይ እህቴ» ይላል መልእክቱ። «ከመናኸሪያው በታች ትንሽ ካፌ አለኝ። የምከፍልሽ ብር የለኝም። አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መጥተሽ ቁርስ ብዪ፣ አንቺ ደግሞ ሁለት ቪዲዮ ሥሪልኝ። ምግቡንና ቤቱን አሳዪ። እኔን ግን አታሳዪኝ፣ አልወድም። መጀመሪያ ቅመሺው፣ ካልጣመሽ ይቅር።»

ሌሎቹ ባለ ካፌዎች አንድ ማኪያቶ ጋብዘው «አስተዋውቂን» ነበር የሚሉኝ። እንዲህ አጥርቶ የጻፈልኝ ሰው ስላልነበረ በማግስቱ ሄድኩ።

የካፌው ባለቤት ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ተወልደው ያደጉት ሮቤ አጠገብ ገጠር ነው፤ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። እንደ እናት «አዴ» እያልኩ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀልን ተግባባን። ሰው ወደ እሳቸው ቤት የሚመጣው ለፉልና ለጨጨብሳ ነው። እሳቸው ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝተው ፒዛ ጀምረው ነበር። እንዲታወቅላቸው የፈለጉት እሱን ነው።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ጥሩ ነበር። ሊጡን የሚዳምጡት እጆቻቸው፣ የሚቀልጠው አይብ፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚወርደው ዝናብ። ጥቂት አዳዲስ ሰዎች መጡ፣ እሳቸውም ደስ አላቸው።

ሁለተኛውን ስቀርጽ ወደ ማድ ቤት ዞር ብለው «ቢዛ ሁለት!» ብለው ተጣሩ። ድምፁም ገባ፣ በጎን በኩል ፊታቸውም ገባ። ቤት ገብቼ ሳየው ሳቄ መጣ። ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ቆርጬ ልጥለው እችል ነበር። ቆርጬ መጀመሪያው ላይ አደረግሁት፤ ሦስት ጊዜም ደጋገምኩት። የፍቅር ቀልድ ነው አልኩ ለራሴ። የገዛ እናቴ ፖሊስን «ቦሊስ» ነው የምትለው፤ እሷን ግን አንድም ቀን ቀርጬ አላውቅም።

በወር የማላገኘው ተመልካች በአንድ ሌሊት መጣ። የማላውቃቸው ልጆች ድምፁን ወስደው በራሳቸው ከንፈር ይጫወቱበት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ወጣቶች በቡድን ወደ ካፌው መጡ። ስልካቸውን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው «እናት፣ ምን ምን አለ?» ይላሉ፣ «ቢዛ» እስኪሉላቸው ይጠብቃሉ። እሳቸው መጀመሪያ ገበያ የመጣ መስሏቸው ነበር። ኋላ አስተናጋጇ ቪዲዮውን አሳየቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ፉሌን አቅርበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት ተቀምጠው አያውቁም።

«እኔን አታሳዪኝ አላልኩሽም ወይ፣ ልጄ?»

ሰው እየወደዳቸው እንደሆነ፣ ደንበኛም እንደጨመረ ነገርኳቸው።

«ሊበሉ አይደለም የሚመጡት» አሉ። «አጥፊው።»

ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ አልኩ። ግን በዚያው ቀን አዲስ አበባ ያለ አንድ አስተዋዋቂ ቪዲዮውን አይቶ ሥራ ሊሰጠኝ እንደሚፈልግ ጽፎልኝ ነበር። እሱ ሳይወስን ባጠፋው ዕድሌን የምዘጋ መሰለኝ። ሁለት ቀን ቆየሁ። ስምምነቱን ስጨርስ አጠፋሁት፤ ግን ሌሎቹ የወሰዱት ድምፅ እኔ ስላጠፋሁ የሚጠፋ አልነበረም።

እሳቸው ከዚያ ወዲህ ቃሉን አፋቸው ላይ አላመጡትም። ፒዛ የሚያዝዝ ሲመጣ ለማድ ቤቱ በጣት ያሳያሉ። ቆይተው ከግድግዳው ዝርዝር ላይ በቀለም አስጠፉት፣ ምድጃውንም ሸፍነው ጥግ አስቀመጡት።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ የቀረውን ቁርስም ይተዉት አልኩ።

«አንቺ ሁለት ሠርተሻል። የእኔ አሥራ አንድ ቀን ይቀራል» አሉኝ። «ቃል ነው።»

አሥራ አንዱንም ቀን ሄጄ በላሁ። ብቀር የምሸሽ ይመስላል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ርቦኝም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «አንቺ» ማለታቸውን ትተው እንደ እንግዳ «ምን ይፈልጋሉ?» ይሉኝ ነበር። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት አንቱ ሲሉኝ ዓይኔን ከሳህኑ ሳላነሳ አዝዛለሁ። በመጨረሻው ጠዋት ሳህኑን አንስተው «ጨርሰናል» አሉ። አዎ አልኩ።

በመስከረም ቤቱን ለቀው ወደ ሮቤ ተመለሱ። አከራዩ ጨምሮባቸው ነው የሚል አለ፣ ታመው ነው የሚልም አለ። እኔ ማንንም አልጠየቅሁም። እናቴ «ልጄ በራሷ ጥረት ከአዲስ አበባ ሥራ አገኘች» እያለች ለጎረቤት ታወራለች፤ በየትኛው ቪዲዮ እንዳገኘሁት አላሳየኋትም።