የሙሉነሽ ቤት የመሐል ግድግዳ

ሙሉነሽ አንዴ ካለች አለች ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ጠላ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች፣ የአባቷን የጭቃ ቤት የውጭ ግድግዳ በብሎኬት ያስለወጠች ሴት ናት። ዘንድሮ ልጇን ልትድር ስትነሣ ሰፊ አዳራሽ አማራት፤ በሁለቱ ክፍሎች መሐል የቀረው የጭቃ ግድግዳ ይውጣ አለች።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከጓዳው አልጋ አይነሡም። ቤቱን በጉልምስናቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቤቴን አፈረሱት ብለው እንዳያዝኑ፣ ግድግዳው እየተመረገ ነው ተባሉ። ሽማግሌ ማስከፋት ነውር ነው፤ መዋሸቱ ግን ማንንም አላሳፈረም።

ግንበኛው መሐሪ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና ክፍል መለያ ብቻ ነው አለ። ብሎኬት እያለ ጭቃ ምን ይሸከማል? የማዳበሪያ ኮርኒሱን ገልጦ ከላይ ምን እንዳረፈበት አላየም። ለደቦ የመጣው ጎረቤትም እየተሳሳቀ ጭቃውን አረገፈው።

ቋሚ እንጨቶቹ ብቻ ቀሩ። ጎረቤቷ ባዩ ሁለቱን ቆረጠ። ከኮርኒሱ በላይ የሆነ ነገር ቋ አለ፤ ቆርቆሮው ፀሐይ መትቶት ነው ተባለ። ሦስተኛውን ሲጋዝ እንጨቱ መጋዙን ነክሶ ያዘው። ሸክም የሌለበት ቋሚ እንዲህ መጋዝ አይነክስም። መሐሪ ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ ሰው ፊት ቃሉን ማጠፍ አፍሮ ዝም አለ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ሙሉነሽ ለአባቷ ውሃ ልታደርስ ሄደች። ጧት በአንድ ጣት የተገፋው የጓዳ በር አልከፈት አላት፤ መቃኑ ከላይ ተጭኖት ነበር። በትከሻዋ ገፋችው፣ አልነቃነቅ አለ። ያኔ ጮኻ መጋዙን አስጣለችና በበሩ ሥር ተደፍታ የመሐሉ ግድግዳ ምን እንደያዘ አባቷን ጠየቀች።

«እሱማ የጥንቱ የውጭ ግድግዳ ነው» አሉ መሪጌታ። «ቤቱን ስንቀጥል የጣሪያውን አግዳሚዎች ያጋጠምናቸው በሱ ራስ ላይ ነው። ለመከለያ ያህል የገባው ይኸ የጓዳው ነው።»

የሚስቅ ሰው አልነበረም። የቆመው ሁሉ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ፤ መሐሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ወርዷል። መሐሪ የባሕር ዛፍ ግንድ አስመጣ፤ ከሥሩ ጣውላ እያነጠፈ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ አስደገፈ። ከታች ሽብልቅ እየመታ ቀስ በቀስ ሲያነሣቸው በሩ ለቀቀ።

መሪጌታን ተሸክመው ከደጅ አስቀመጧቸው። ሙሉነሽ መጋዙን እየሰሙ ለምን እንዳልተጣሩ እያለቀሰች ጠየቀቻቸው።

«ምርጊት በመጋዝ አይመረግ፤ ግድግዳው እንደሚወጣማ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ልጄ እኔን ከሥሩ አስተኝታ ሳታስደግፍ አታስቆርጥም ብዬ ነው ዝም ያልሁ።»

ሙሉነሽ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።