«ስንዱ አገኘሁ አለች»

ስንዱ አገኘሁን የማያውቅ የፎገራ ሰው ካለ፣ ገና ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ድምጿ ቀድሟት ይደርሳል። ባሏ ያየህ ከሞተ ወዲህ በሬ የሚጠምድላት ሰው ትፈልግ እንደሆነ እንጂ፣ የሩዟን አረምም አጨዳም ለማንም አትተውም። ገበያ ላይ ነጋዴ ቢያታልላት ወዮለት! ሐሙሲት ድረስ የሚሰማ ጩኸት ታወርድበታለች።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረችም። መሬት እንደ አዲስ በተከፋፈለበት በሽግሽጉ ጊዜ ያየህ ቁርጥማት ይዞት ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርዶ ነበር። በስብሰባው ላይ ስሙ ተጠራ። «ያየህ! ያየህ አለ?» ስንዱ ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ጋር ከዳር ቆማለች። በወንዶች ጉባኤ ሴት አፏን አትከፍትም ተብላ ያደገች ናትና፣ «አለ» የምትለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። ሁለተኛ ተጠራ፤ መላሽ የለም። ከወንዙ ዳር ያለችው ጥቁር መሬታቸው ለሌላ ሰው ተለካች። ያየህ ተመልሶ አንድም ቀን አልወቀሳትም። ቢወቅሳት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ስንዱ ዝም ማለትን እርም ያለችው።

ዘንድሮ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጣና ለሩዝ ዘር ብዜት ሥልጠና ሰው መመዝገብ ጀመረ። የሠለጠነ ገበሬ ምርጥ ዘር ይሰጠዋል፤ ያባዛውንም ዘር በደህና ዋጋ የሚረከበው አለ። ስንዱ ከፊት ተሰለፈች። ከተረፈቻት ከዚያች ቁራጭ መሬት ላይ ለሌላ ገበሬ የሚተርፍ ዘር ማውጣት፣ ይህን የሚያህል ሕልም አልነበራትም።

«ኢሜይል አለሽ?» አላት ባለሙያው።

«እሱ ደግሞ የምን በሽታ ነው?»

ነገሩ በስልክ የሚመጣ ደብዳቤ መሆኑን ሲያስረዳት፣ ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራውን የልጇን የአንለይን አድራሻ አስጻፈች። የእሷ ስልክ መቼም ከ«ሃሎ» በቀር ሌላ ሙያ የለውም።

ማክሰኞ ከሰዓት ለአንለይ መልእክቱ ገባ። ርእሱ «የቦታ ለውጥና ማረጋገጫ» ይላል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦

«ውድ ተመዝጋቢ፣ በወረታ ሊሰጥ የነበረው የሩዝ ዘር ብዜት ሥልጠና የአዳራሹ ጣሪያ በመበላሸቱ ወደ ሐሙሲት ተዛውሯል። ቀኑ አልተለወጠም። በአዲሱ ቦታ የሚገኙ መሆንዎን ለዚህ ኢሜይል ሙሉ ስምዎን ጽፈው በመመለስ እስከ ነገ ረቡዕ ከቀኑ 11 ሰዓት እንዲያረጋግጡልን እንጠይቃለን። ያላረጋገጡ ተመዝጋቢዎች ቦታ ለተጠባባቂዎች ይሰጣል።»

ግልጽ ደብዳቤ ነው፤ ጸሐፊው ምንም አላጠፋም። አንለይ ግን ፊቱ ደንበኛ ተደርድሮ ነበርና ደውሎ ጨመቅ አድርጎ ነገራት። «እማየ፣ ከተመዘገብሽበት መልእክት መጥቷል። የቦታ ለውጥ አለ። ቦታሽን እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ካላረጋገጥሽ ለተጠባባቂ ይሰጣል። እና ምን ልበላ...» ኔትወርኩ ተቆረጠ።

እንግዲህ ፍረዱ። በፎገራ ሜዳ «ቦታ» ቢባል ከመሬት ሌላ ምን አለ? የተመዘገበው መሬት፣ ማረጋገጫውም የይዞታ ደብተር። ስንዱ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ደግማ ብትደውል አይገባም፣ አሁንም ብትደውል አይገባም።

«ኧረ በስመ አብ! ሽግሽግ ተመልሶ መጣ በይኛ!» አለች ወሬውን የሰማችው ጎረቤቷ ገላነሽ። እሷ ደግሞ ለእሳት ጭራሮ ማቀበል የማይሰለቻት ሴት ናት። «ተጠባባቂው ማን ይሆን?»

«ማንም ይሁን! እኔ በሕይወት እያለሁ አይረግጣትም!»

ረቡዕ ጧት የይዞታ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭቃውን እያቦካች ወረታ ገባች። የመሬት አስተዳደሩ ቢሮ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ እሷ ነበረች። ድንቅነሽ የምትባል ወጣት ባለሙያ ወንበር ሳበችላት።

«እናቴ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! የተቀመጠ ሰው ነው የሚቀማ! ይኸው ደብተሬ፣ ይኸው እኔ! አረጋግጡ!»

ድንቅነሽ ደብተሩን አገላብጣ አየች። ምንም የጎደለው የለም። «እኛ ለማንም መልእክት አልላክንም። ማን ነው የነገረዎት?»

«ልጀ። በኢሜይል።»

ድንቅነሽ በራሷ ስልክ ለአንለይ ደወለች። አላነሳም። ስንዱ በሩ ሥር እንደቆመች ባለጉዳይ ይገባል፣ ይወጣል፤ እሷ ወይ ፍንክች። ደጋግመው ሲደውሉ ከቀትር በኋላ አነሳ።

«ቃል በቃል አንብብልኝ» አለችው ድንቅነሽ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ።

አንለይ አነበበ። «የሩዝ ዘር ብዜት ሥልጠና» ሲል ድንቅነሽ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። ስንዱ አልሳቀችም። ቅድም እምቢ ባለችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያም እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ድንቅነሽ ደነገጠች።

«ይቅርታ እናቴ፣ ስቄብዎት አይደለም እኮ።»

«ምን በወጣሽ ልጀ፣ ሳቂ። እኔን ያስለቀሰኝ የድሮው ነው።» ከዚያ የያየህን ስም ሁለት ጊዜ እንዴት እንደጠሩት፣ እሷም ቆማ እየሰማች እንዴት ዝም እንዳለች ነገረቻት። ለልጇም ነግራው አታውቅም ነበር። ስልኩ ክፍት ነውና አንለይም ሰማ።

«እማየ» አለ፣ «ሐሙሲት ትሄጃለሽ? ትናንት ልጠይቅሽ የነበረው ይህንኑ ነው። ካልመለስንላቸው ወንበርሽን ለሌላ ይሰጡታል፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።»

ስንዱ እንባዋን ጠረገች። ያን የድሮውን ስብሰባ እያሰበች መሰለች።

«ጻፍ» አለችው። «ስንዱ አገኘሁ አለች በል።»

«አለች? ምን አለች ይሉኛል እኮ! ‹እገኛለሁ› ብየ ልጻፍልሽ?»

«አንተ ልጅ፣ ያልሁህን ጻፍ! አለች ማለት አለች ነው!»

ጻፈ። ላከው። ድንቅነሽ መልእክቱ መሄዱን ከአንለይ አረጋግጣ፣ ደብተሩን ራሷ በነጠላው ጠቅልላ አስያዘቻት።

በሥልጠናው ቀን ሐሙሲት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተጠባባቂዎች በበሩ በኩል ቆመው ያልመጣ ሰው ይጠብቃሉ። አዘጋጁ ስም መጥራት ጀመረ። ሰው ከተቀመጠበት እጁን ያወጣል፣ ያልፋል። ከአንዱ ስም ሲደርስ ፈገግ አለ።

«ስንዱ አገኘሁ! ሌላው ሰው ሁሉ ‹እገኛለሁ› ብሎ ሲመልስ ‹ስንዱ አገኘሁ አለች› የሚል ብቻ ደረሰን። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ስንዱ ከመካከል ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። መንደሩ የሚያውቀው ያ ድምጿ ግን ለጊዜው ጠፋባት፤ ያቺ ቃል ከዚያው ከድሮ ቦታዋ፣ ከጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅራ አገኘቻት። አዘጋጁ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ የሌለች መስሎት ደግሞ ጠራ።

«ስንዱ አገኘሁ አለች?»

«አለሁ!» አለች።

በሩ ላይ የቆሙት ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት። እሷም የያየህን ስም በሆዷ ጠርታ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።