ከጎል በኋላ የሚቆለፈው ዋጋ

ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ የስፖርት ውርርድ ቤት ሁለት ዓመት በካሸርነት ሠርቻለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ስፈልግ ያገኘሁት እሱን ነበር። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብላ ታልፈው ነበር። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ያስወደዱኝም ቅዳሜ ከሰዓት እየመጡ የፊተኛው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ናቸው።

ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህሬ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተዋል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር ይዘው ነው ኳስ የሚያዩት። መጀመሪያ መስኮቴ ላይ ሳያቸው አፍሬ አቀረቀርኩ። «ቀና በይ እንጂ! አንቺ ሥራሽ ነው፤ ማፈር ያለብኝስ እኔ ነኝ» ብለው ሳቁ።

አንድ ቀን ሬዲዮው ከቴሌቪዥኑ እንደሚቀድም ደረሱበት። ጋዜጠኛው «ጎል!» ሲል በእኛ ዲሽ ላይ ተጫዋቹ ገና ኳሷን እየገፋ ነው። ይህንን ለማንም ሳይናገሩ ሰነበቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታው መሀል ከሬዲዮው ጎል ሰምተው ድንገት ተነሡና ወደ መስኮቴ መጡ።

«ቶሎ በይ ልጄ! እንግዶቹ ያሸንፋሉ በይና ቁረጪልኝ!»

ስክሪኔን አየሁ። የዚያ ጨዋታ ዋጋ ሁሉ፣ ማለት ያሸነፈ ሰው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ ደብዝዞ የቁልፍ ምልክት ወጥቶበታል።

«ተቆልፏል፣ መምህር።»

«እንዴት ይቆለፋል? ገና አልገባም እኮ!» ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። እጃቸውን ሳያወርዱ ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች፤ ቤቱም በጩኸት ተናወጠ። ዞረው አዩኝ። «ማን ነገራቸው?»

ስቀጠር የተማርኩትን ነገርኳቸው። ሜዳው ዳር የተቀመጠ ሰው አለ፤ ሥራው የሚያየውን ዋጋ ለሚያወጡት ወዲያው መላክ ነው። መልእክቱ ምስሉን አይጠብቅም፤ ሬዲዮውንም ይቀድማል። ጎል ሲገባ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥም ዋጋው ይቆለፋል። የነበረው ዋጋ ዜሮ ለዜሮ ለሆነ ጨዋታ የተሰላ ነውና፣ ከጎሉ በኋላ ያ ጨዋታ የለም። ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ክፍት ቢቆይ ቀድሞ ያወቀ ሰው ይሻማዋል። ስለዚህ ጎሉ እስኪጸድቅና አዲስ ዋጋ እስኪሰላ አይሸጥም።

«ክፍት በሆነበት ሰዓትም ቢሆን ትኬቱ እስኪጸድቅ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። በዚያ መሀል ጎል ከገባ ይመለሳል» አልኳቸው።

ከዚያ ፊታቸው በራ። «ጉና ተራራ ላይ መብረቅ ሲወርድ፣ ነጎድጓዱ እስኪሰማ አንድ ሁለት እያልን እንቆጥር የለም? ሰውየው ብልጭታውን ያያል። እኔ በሬዲዮ ነጎድጓዱን እሰማለሁ። እነዚህ ደግሞ» አሉ አግዳሚውን እያሳዩ፣ «የገደል ማሚቶውን!»

ያኔ ሁለታችንም ነገሩን የጨረስነው መስሎን ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኔትወርኩ ደከመ። መምህሬ ሬዲዮውን ዘንግተውት ነው የመጡት። የሚደግፉት ቡድን በሜዳው ሲጫወት፣ በቴሌቪዥኑ አጥቂዎቹ ግብ ክልል ውስጥ ተረባረቡ። ዜሮ ለዜሮ ነው። መምህሬ ብድግ አሉ።

«ባለሜዳው ያሸንፋል። ሁለት ነጥብ አራት ይላል፣ አልተቆለፈም። ቁረጪ!»

እውነትም አልተቆለፈም። ግን ከዋጋው አጠገብ ያለው የጨዋታ ሰዓት ስልሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቆሟል፤ የቴሌቪዥኑ ስልሳ አራት ይላል። እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ።

«ይህ የአሁን ዋጋ አይደለም፣ መምህር። ስክሪኑ ደርቋል። የቆየ ነው።»

«ይቆይ! ሳይቀየር ልያዘው።»

«እንዲያ አይደለም። እውነተኛው ዋጋ አሁን ከዚህ ካነሰ፣ ማለት ቡድንዎ ለማሸነፍ ከተቃረበ፣ ትኬቱ ይመለስብዎታል። ቢያልፍ እንኳ በስሕተት ዋጋ የተቆረጠ ነው ብለው ሊሰርዙት ይችላሉ። ከዚህ ከጨመረ ግን ቡድኑ ተዳክሟል ማለት ነው፤ ያኔ ሊያልፍ ይችላል። በቆየ ዋጋ የሚያልፍልዎ እንግዲህ የሚጎዳዎት ነው።»

ተቆጡ። አስተማሪዬ ነበሩና ቁጣቸው አሁንም ያስፈራል። «ፈሪ! ገንዘቡ የኔ፣ ዓይኑ የኔ!» አሉ። እኔ ግን አልቆረጥኩም።

እንደቆሙ ተከላካዩ ኳሷን ነጥቆ ወደ ፊት መታት። እንግዶቹ ሁለት ሆነው ገሰገሱ። ጎል! ወዲያው ኔትወርኩ ተመለሰና ስክሪኔ ተቆለፈ። ጥቂት ቆይቶ ሲከፈት፣ ሁለት ነጥብ አራት የነበረው የባለሜዳው ዋጋ ሰባት ሆኗል።

መምህሬ ቁጥሩን አዩ። «ያኔ እኔ ጥቃት ሳይ፣ እዚያ ሜዳው ላይ ኳሷ ተነጥቃለች ማለት ነው።»

«ሳይሆን አይቀርም።»

«በዓይኔ ያየሁት ቆይቷል፤ አንቺ ጋ ያለው ደግሞ ከዚያም የቆየ። በሁለት አሮጌ ነገር ልገዛ ነበር!» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ቀጥለውም ሰው ሁሉ እየሰማ «ይቅርታ፣ ልጄ። ፈሪ ያልኩሽን መልሼዋለሁ» አሉኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የቤቱ ባለቤት ያን ቀን ደንበኛ መለሰች ብሎ ኮስተር አለብኝ፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

መምህሬ የቀጥታ ውርርድን ተዉት። ሲያሻቸው ጨዋታው ሳይጀመር አንዲት ትኬት ይቆርጡና፣ የተሸነፉ ያህል ረስተዋት ኳሱን ያያሉ። ጎል ሲገባ ከወጣቶቹ እኩል ይጮሃሉ። ዋጋው ተቆለፈ ብሎ የሚማረር ሰው ካለም አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ያኔ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዱን ቀስ እያሉ ያስረዱታል።