ከወንዝ ዳር የተሰበሰቡት

እታለም ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ሃምሳን ተሻግራ ከልጇ እኩዮች ጋር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ እማማ ብለው እንዳያስረጇት፣ በስሟ ጠርተው እንዳይደፍሯት ተቸገሩና እታለም አሏት፤ እሷም ወደደችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ሳትወጣ ዲግሪ መያዝ አማራት።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። መሪ ጨብጦ ኖሮ፣ አሁን አረፍኩ ሲል ልቡ ደከመና አልጋ ያዘ። ምላሱ ግን አልታመመም። እታለም ስለ ነፍሳት የምትማርበት መንፈቅ ሲመጣ፣ ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ፣ «ሚስቴ ነፍስ አጥፊ ሆናለች፤ ዝንብ አገዳደል ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትማራለች። እኔ በነጠላ ጫማ ስገድል የኖርኩት ያለ ዲፕሎማ ነው» ይል ነበር።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ተማሪ ከየወገኑ ነፍሳት ሰብስቦ፣ ገድሎ፣ በመርፌ ሰክቶ፣ መለያ ወረቀት ጽፎ በሳጥን ማስረከብ ነበረበት። እታለም ለመግደያ የሚሆን አፈ ሰፊ ብልቃጥ ፈልጋ ታችኛውን በጄሶ ሞላች። ጄሶው ሲደርቅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ፈሳሽ አጠጣችው። ሽታው ለባሏ ደረት ስለማይስማማ ብልቃጡ የሚቀመጠው በረንዳ ላይ ነበር።

የመጀመሪያዋን ጥንዚዛ ከብልቃጡ ቸኩላ አወጣቻት። በደንቡ መሠረት መርፌውን በቀኝ ክንፏ ሽፋን በኩል፣ ወደ ላይ ጠጋ አድርጋ ሰካችው። ሻይ ቀድታ ስትመለስ ጥንዚዛዋ መርፌው ላይ ሆና እግሯን ትፈራገጣለች። ሾፌሩ ከአልጋው ቀና ብሎ አየ፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ወደ ብልቃጡ መልሻት» አለ። «ከጀመርሽ አይቀር ጨርሺ። በግማሽ አታሰቃዪ።»

ከዚያ ወዲህ አትቸኩልም። እሱም በመስኮቱ በኩል ጠቋሚዋ ሆነ፤ ግድግዳው ላይ ያረፈውን፣ አበባው ላይ የሚያንዣብበውን እየተጣራ ያሳያት ነበር። ቢራቢሮ ደረቷ መሐል ተሰክታ ክንፎቿ መዘርጊያው ጣውላ ላይ በወረቀት ቁራጭ ሲያዙ፣ የፊተኛው ክንፍ የታችኛው ጠርዝ ከሰውነቷ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት። እሱ ትራሱን ተደግፎ፣ «ትንሽ ወደ ግራ፤ ተይ፣ በዛ፤ አዎ፣ እዚያው አቁሚያት» እያለ አውቶቡስ እንደሚያቆም ሰው ያስተካክላታል። ለመርፌ የማትበቃ ጉንዳን ደግሞ በሦስት ማዕዘን ካርቶን ጫፍ ላይ በሙጫ ስትለጠፍ ሲያይ፣ ይቺ ትርፍ የተጫነች ተሳፋሪ ናት አለ።

የመስክ ጉዞው የተያዘው ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ወንዝ ነበር። በዚያ ጠዋት ትንፋሹ ከበደው። እታለም ቦርሳዋን አስቀምጣ እቀራለሁ አለች።

«አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ስታይኝ ብትውዪ ልቤ አይጠገንም» አላት። «ሂጂ። ልጃችን አለች።»

ልጃቸው በእርግጥ መጥታ ነበር። እናቷ ጫማዋን ስታጠልቅ ቆማ አየቻት።

ወንዙ ዳር እታለም ቀሚሷን ሰብስባ ውሃ ውስጥ ገባች፤ ድንጋይ እየገለበጠች፣ ሣሩን በመረብ እየጠረገች ዋለች። ለስላሳዎቹን ዕጮች አልኮል ውስጥ ከተተች፤ የውሃ ተርቦቹን ገድላ ክንፋቸውን አጥፋ በወረቀት ፖስታ አስቀመጠች፤ የውሃ ትኋኖቹንና ጥንዚዛዎቹን በብልቃጥ ገድላ በለስላሳ ወረቀት ጠቀለለች። በየጥቅሉ ላይ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጫረች። የክፍሏ ልጆች ሲስቁ አብራ ሳቀች። ስልኳ በዚያ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም ነበር። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ ነው መልእክቱ ተከታትሎ የገባው። እቤት ደጃፍ የባሏ ወንድም ቆሞ ሲጠብቃት ስታይ፣ ሳይነግራት ገባት። ሾፌሩ ያረፈው እኩለ ቀን ላይ ነበር።

ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ ልጅቷ በልቧ የያዘችውን አወጣችው። «አባዬ ሲያጣጥር አንቺ ትንኝ ስትለቅሚ ዋልሽ» አለቻት።

እታለም የመስክ ቦርሳዋን ስትከፍት ነፍሳቱ ደርቀው እንደ ገለባ ሆነዋል፤ በዚያ ሁኔታ ቢነኳቸው እግራቸው ይረግፋል። ልትጥላቸው እጇን ዘረጋች። ነገር ግን ዝናቡ ገብቶ ወንዙ ሞልቷል፤ ሌላ ጉዞ የለም፤ ሳጥኑም ያለነሱ ጎዶሎ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጋ፣ እንዳይሻግቱ ጥቂት ፀረ ተህዋስያን ጨምራ፣ ከእርጥበቱ ላይ በወረቀት ለይታ አስቀመጠቻቸው። ለስልሰው መገጣጠሚያቸው ሲታጠፍ ሰካቻቸው። መለያውን ግን መጻፍ አቃታት። ብዕሩ ቀኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ሳጥኑን እንዲሁ ይዛ ወደ መምህሯ ሄደች። የታላቅ ወንድሟን ልጅ የሚያህል ወጣት ነው። ያለ መለያ የተሰኩትን አየ፤ ምክንያቱንም ያውቃል። እታለም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የአንድ ቀን ልዩነት ምን ይጎዳል፣ ዋዜማውን ብጽፍስ አለችው።

መምህሩ ሳጥኑን ቀስ አድርጎ ከደነው። «አላስገድድዎትም» አለ። «ካልቻሉ ይቅር፤ ውጤቱን በሌላ መንገድ እናያለን። ያልሆነ ቀን ግን አይጻፍ። ነገ ይህን ሳጥን የሚከፍት ሰው እኛን አያውቀንም፤ የሚያምነው ወረቀቱን ነው።»

እታለም ሳጥኑን አቅፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ነጭ ወረቀት ዘርግታ፣ በቀጭን ብዕር፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፊደል መጻፍ ጀመረች፤ አገሩን፣ ወንዙን፣ ቀኑን፣ ወሩን በሮማ ቁጥር፣ የሰብሳቢዋን ስም። ከዚያ ደግሞ ያንኑ። ከዚያ ደግሞ ያንኑ። አልኮል ውስጥ ለሚገቡት ቀለም እንዳይለቅ በእርሳስ ጻፈች። እንባዋ አንዱን ወረቀት ሲያበላሸው ጥላ ሌላ ቆረጠች።

ልጇ መጥታ ከኋላዋ ቆመች።

«ለምንድነው ቀኑን የምትደጋግሚው?»

«ለእያንዳንዱ የራሱ ያስፈልገዋል።»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መቀሱን አንስታ የተጻፉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ መቁረጥ ጀመረች። ዓይኗን ከመቀሱ ሳታነሳ ነው የተናገረችው።

«አባዬ ጠይቆኝ ነበር። አሁን ወንዙ ደርሳለች ወይ አለኝ። ልደውልላት ስለው፣ ተያት፣ እጇ እርጥብ ነው አለ።»

እታለም ብዕሩን አስቀመጠች።

«እኔ ግን ደወልኩ» አለች ልጅቷ። «ስልክሽ ዝግ ነው አለኝ። ጠልቼሽ ነበር፣ እማዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ።»

እታለም ራሷን ነቀነቀች። ይገባኛል ማለቷ ነበር። ልጅቷ ወረቀቶቹን ስታቀብላት፣ እሷ መርፌዎቹን ከፍታ ለመለካት በደረጃ በተቦረቦረ እንጨት ላይ እየተከለች መለያዎቹን በእኩል ከፍታ አደረገች። አንዷ የውሃ ተርብ አንገቷ ተቀንጥሶ ጭንቅላቷ ወደቀ፤ ልጅቷ በሙጫ መለሰችላት። በነገራችን ላይ ለዚያች ተርብ ነጥብ ተቀንሷል።

ሳጥኑ ጥግ ላይ የብል ማጥፊያ ተደርጎለት በትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። እታለም ዲግሪዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ልጇ እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ አባቷ ይተኛበት የነበረውን አልጋ አብረው ያነጥፉታል፤ ስለ እሱ ግን ብዙም አያወሩም። አንዳንዴ ልጅቷ ደብተር የምታርመውን እናቷን ታይና፣ መሸብኝ ብላ ትነሳለች። እታለምም እስከ መንገዱ ድረስ ትሸኛታለች።